አንዲት «አመሰግናለሁ» እንዴት 18,500 ቶክን ወሰደች?

ይህ በጽሑፍ ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች ያቀረብኩት ንግግር ነው። በቃል ካልኩት ብዙም አልራቅኩም። መሃል ላይ የተነሱትን ጥያቄዎችም በየቦታቸው ትቻቸዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። በቀጥታ ልግባበት።

አንዲት ባልደረባዬ ጽሑፍ ለሚያመነጭ መሣሪያ በየወሩ ትከፍላለች። ፕላኗ በወር 1,000,000 ቶክን ይሰጣታል። ስትገዛው «አንድ ሚሊዮን ማን ይጨርሳል?» ብላ ነበር። በ11ኛው ቀን አለቀ። ያን ወር የሠራችው ሥራ ደግሞ ያን ያህል አልነበረም፤ አራት ሪፖርቶች አስገብታ ስለ እያንዳንዳቸው ጥያቄ ጠይቃለች፣ በቃ። «ቆጣሪው ተበላሽቷል፣ ወይ ደግሞ እየሰረቁኝ ነው» አለችኝ። አብረን ቁጭ ብለን መልእክት በመልእክት ቆጠርነው። ቆጣሪው ልክ ነበር። የተሳሳተው የእኛ ግምት ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ ያን ቀን ያገኘነውን ነው። ቶክን ምን እንደሆነ በአጭሩ እላለሁ፣ ግን ዋናው ጉዳይ እሱ አይደለም። ዋናው ጉዳይ መሣሪያው በአንድ ቻት ውስጥ ምን ምን ደጋግሞ እንደሚቆጥርባችሁ ነው።

ቶክን ማለት ሞዴሉ፣ ማለትም ከመሣሪያው ጀርባ ሆኖ መልሱን የሚያመነጨው ፕሮግራም፣ ጽሑፍን የሚያነብበትና የሚጽፍበት ቁራጭ ነው። አንዳንዴ ሙሉ ቃል ነው፣ አንዳንዴ የቃል ቁራሽ፣ አንዳንዴ ነጥብ ወይም ክፍት ቦታ። በእንግሊዝኛ 100 ቶክን በግምት 75 ቃል ነው ይባላል። ይህ ግምት ለእንግሊዝኛ ደህና ነው። ለአማርኛ አይሠራም፣ ለምን እንደማይሠራ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ባልደረባዬ ቻት። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ 12 ገጽ ገደማ፣ ወደ 6,000 ቃል ነው። ይህ 8,000 ቶክን ይሆናል። ጥያቄዎቿ አጫጭር ናቸው፣ አንዱ በአማካይ 100 ቶክን እንበል። መልሱ 400። ከእነዚህ ሌላ 500 ቶክን የሚሆን መመሪያ አለ። ይህ መመሪያ ከሁለት ነገር የተሠራ ነው፦ አንዱ መሣሪያው ራሱ ለሞዴሉ ከጀርባ የሚልከው፣ ሌላው እሷ በቅንብሩ ውስጥ «ሁልጊዜ በዚህ መልክ መልስልኝ» ብላ የጻፈችው። ለሒሳቡ እንዲመች ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ።

በአንድ ሪፖርት ላይ 20 ጥያቄ ጠየቀች። ስንት ቶክን ያወጣች ይመስላችኋል? እሷ የገመተችው እንዲህ ነው። ሪፖርቱ 8,000። መመሪያው 500። ሃያ ጥያቄና ሃያ መልስ፣ አንዱ ጥንድ 500፣ በድምሩ 10,000። ስለዚህ 18,500። አራት ሪፖርት 74,000 ይመጣል። ከሚሊዮኑ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

ቆጣሪው ግን ለአንዱ ሪፖርት ብቻ 275,000 ቆጥሯል።

ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ሞዴሉ በመልእክትና በመልእክት መካከል ምንም አያስታውስም። እኛ ስክሪኑ ላይ የምናየው ቻት እንደ ስልክ ጥሪ ይመስላል፣ አንዴ ተከፍቶ እስኪዘጋ የሚቀጥል። ከጀርባ ግን እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱን መልእክት ስትልኩ መሣሪያው መመሪያውን፣ ሪፖርቱን፣ ከዚያ በፊት የጠየቃችሁትን ሁሉ፣ የተመለሰላችሁን ሁሉ፣ በመጨረሻም አዲሱን ጥያቄ አንድ ላይ አስሮ እንደ አዲስ ይልካል። ሞዴሉ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ያነባል። መልሱን ይጽፋል። ይረሳል። ቀጣዩ መልእክት ሲመጣ እንደገና ከመጀመሪያው። ያስታወሰ የሚመስለን በየጊዜው ስለሚነገረው ነው።

ቆጣሪውም የሚቆጥረው ሞዴሉ ያነበበውንና የጻፈውን እንጂ እናንተ በጣታችሁ የጻፋችሁትን አይደለም። ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ይበቃኛል።

ሒሳቡን አብረን እንሂድበት። በመጀመሪያው መልእክት የሚገባው 500 መመሪያ፣ 8,000 ሪፖርት፣ 100 ጥያቄ ነው። ድምሩ 8,600። መልሱ 400። የመጀመሪያው ዙር 9,000 ወሰደ። እስካሁን ከግምቷ ጋር ይስማማል። በሁለተኛው ዙር ግን እነዚያው 8,500 እንደገና ይገባሉ፣ የመጀመሪያው ጥያቄና መልስ 500 ሆነው ይጨመራሉ፣ አዲሱ ጥያቄ 100፣ አዲሱ መልስ 400። ይህ ዙር 9,500 ነው። ሦስተኛው 10,000። እያንዳንዱ ዙር ካለፈው በ500 ይበልጣል። አሥረኛው 13,500 ይደርሳል። ሃያኛው ዙር ላይ የአጠቃቀም መዝገቡን ብትከፍቱት እንዲህ ያለ ነገር ታያላችሁ፦

```
"usage": {
  "input_tokens": 18100,
  "output_tokens": 400
}
```

18,100 ገባ፣ 400 ወጣ። ድምሩ 18,500። ይህን ቁጥር ታውቁታላችሁ፣ ባልደረባዬ ለሙሉ ቻቱ የገመተችው ነው። ለሃያ ዙር ይበቃል ያለችውን ሃያኛው ዙር ብቻውን በላው። ሃያውን ዙር ስትደምሩት 275,000 ይመጣል።

ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የማን ነው? ሪፖርቱ ሃያ ጊዜ ስለተነበበ 160,000 ወሰደ። የቆየው ጥያቄና መልስ እየተደጋገመ 95,000። መመሪያው ሃያ ጊዜ፣ 10,000። እውነተኛው አዲስ ነገር፣ ማለትም በየዙሩ የተጻፈው አዲስ ጥያቄና የመጣው አዲስ መልስ፣ 10,000 ብቻ ነው። ከ275,000 ውስጥ 10,000።

መጨረሻ ላይ ባልደረባዬ ጨዋ ሰው ስለሆነች «አመሰግናለሁ» ብላ ጻፈች። 21ኛ ዙር ማለት ነው። 500 መመሪያ፣ 8,000 ሪፖርት፣ 10,000 ያለፈ ቻት፣ ከዚያ ቃሏ፣ ከዚያ «ምንም አይደለም፣ ሌላ ካለ ጠይቂኝ» የምትል አጭር መልስ። ከ18,500 በላይ ሄደ። አታመስግኑ እያልኩ አይደለም። ግን በረጅም ቻት መጨረሻ ላይ የምትጻፍ አንዲት ቃል የመላውን ቻት ክብደት ተሸክማ እንደምትሄድ እወቁ።

ምስጋናዋን ትተን ብናሰላ፣ ሦስት ሪፖርት 825,000 ጨረሰ። አራተኛው ላይ የቀራት 175,000 ነው። አሥራ አራት ዙር በ171,500 አለፈ፣ አሥራ አምስተኛው ላይ «የወሩ ኮታዎ አልቋል» የሚለው መጣ። የወሩ ኮታ በ11ኛው ቀን ያለቀው እንዲህ ነው፣ የሰረቀ ሰው የለም።

እዚህ ጋ አንድ ሰው ከኋላ ጠየቀኝ። «እሺ፣ ግን ያነበበውን ለምን አያስቀምጠውም? ሃያ ጊዜ ማንበብ ለእነሱስ ወጪ አይደለም?» ጥያቄው ትክክል ነው፣ የሚያስቀምጡም አሉ። ቀድሞ የተነበበውን ክፍል ስሌቱን ለአጭር ጊዜ አስቀምጦ እንደገና መጠቀም ይቻላል፣ ካሺንግ ይባላል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ የሚሠራው ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ አንድ ዓይነት ለሆነው ክፍል ነው። መጀመሪያ ላይ ያለውን መመሪያ አንዲት ቃል ከቀየራችሁ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እንደ አዲስ ይሰላል። ብዙ ከቆያችሁም የተቀመጠው ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ወጪው ለአቅራቢው ቀነሰ ማለት ለእናንተ ቆጣሪ ቀነሰ ማለት አይደለም። በአጠቃቀም ልክ በሚከፈልበት መንገድ ላይ ቅናሹ በግልጽ ይታያል። በወርሃዊ ፕላን ላይ ግን መሣሪያውን የሚሸጥላችሁ ድርጅት ቅናሹን ወደ ኮታችሁ ሊያስተላልፈውም ላያስተላልፈውም ይችላል። የፕላኑን ማብራሪያ ስታነቡ መጀመሪያ የምትፈልጉት ይሄንን ይሁን።

በነገራችን ላይ አንዳንድ መሣሪያዎች ቻቱ ሲረዝም የቆየውን ቆርጠው ይጥላሉ፣ ወይም ያሳጥሩታል። ያኔ የየዙሩ ቁጥር ማደጉን ያቆምና አንድ ቦታ ላይ ይረጋል። ለኮታ ጥሩ ነው። ግን መሣሪያው መጀመሪያ ላይ የነገራችሁትን መርሳት ሲጀምር የምታዩትም ያኔ ነው። ማሳጠሩ ራሱም ሞዴሉ የሚሠራው ሥራ ስለሆነ ቶክን ሊቆጥር ይችላል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልለይ፦ በአንድ ጊዜ ሊነበብ የሚችለው የጽሑፍ መጠን ሌላ፣ የወሩ ኮታ ሌላ ነው። «ሞዴሉ እስከ 200,000 ቶክን ይይዛል» የሚል ስታዩ ስለ ኮታችሁ ምንም አልነገራችሁም። እንዲያውም ብዙ መያዙ በአንድ መልእክት ብዙ እንድታቃጥሉ በር ይከፍታል።

አሁን ስለሚወጣው ቶክን። መልስ መጻፍ ከማንበብ የበለጠ ይከብዳል። የሚገባውን ጽሑፍ ሞዴሉ በአንድ ላይ ያሰላዋል። መልሱን ግን አንድ ቶክን ጽፎ፣ ያንን አክሎ ቀጣዩን አስልቶ፣ እንዲህ እያለ አንድ በአንድ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ አንዳንድ ፕላኖች የሚወጣውን ቶክን ከሚገባው አብልጠው ይቆጥሩታል። አንድ የወጣ እንደ 4 የገባ ቢቆጠር ባልደረባዬ ስንት ታወጣ ነበር? የወጣው ሃያ መልስ በ400፣ 8,000 ነው። በ4 ሲባዛ 32,000። የገባው 267,000። ድምሩ 299,000 ይሆናል። አያችሁ? መልሱን አራት እጥፍ እንኳ ቢያከብዱት ኮታዋን የጨረሰው ደጋግሞ የገባው ነው። ብዙ ሰው ኮታ ሲያሳስበው «መልሱን አሳጥርልኝ» ይላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቻት መድኃኒቱ እሱ አይደለም። አጭር መልስ ለቀጣዩ ዙር የሚተላለፈውን ስለሚቀንስ ትንሽ ያግዛል፣ ግን ሪፖርቱ እዚያው ተቀምጧል።

አንድ የተለየ ነገር አለ፣ እሱም ከመመለሳቸው በፊት የሚያስቡ ሞዴሎች ናቸው። እነዚህ መልሱን ከመስጠታቸው በፊት ለራሳቸው ብዙ ይጽፋሉ። ያንን ጽሑፍ ላታዩት ትችላላችሁ፣ ወይም አጠር ብሎ ይታያችኋል። በቆጣሪው ግን እንደ ወጣ ቶክን ነው የሚቆጠረው። ሁለት መስመር መልስ አግኝታችሁ ቆጣሪው ላይ 3,000 ወጣ ሲል ካያችሁ ብልሽት እንዳይመስላችሁ። የማሰቢያውን ደረጃ ዝቅ ማድረጊያ ካለ ለቀላል ጥያቄ ዝቅ አድርጉት።

«እንደገና ፍጠር» የሚለውን ቁልፍ የምትወዱ ሰዎች ትኖራላችሁ። እኔም ነበርኩ። መልሱ ደስ ካላለኝ እጫነዋለሁ፣ ሦስት አራት ጊዜ። እያንዳንዱ መጫን ሙሉ ዙር ነው። በሃያኛው ዙር ላይ ሦስት ጊዜ ብትጫኑት 55,500 ሄደ፣ የተጣሉት መልሶችም አይመለሱላችሁም። ማቆሚያውን ብትጫኑም እንዲሁ፣ የገባው ሙሉ በሙሉ ተነብቧል፣ የወጣውም እስከ ቆመበት ድረስ ይቆጠራል። ማቆሚያውን ሳትጫኑ ገጹን ብቻ ብትዘጉ ደግሞ ሞዴሉ ከጀርባ ጽፎ ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ አቁሙት እንጂ አትሽሹት።

ይልቅ የተሻለ መንገድ አለ። ጥያቄያችሁን አበላሽታችሁ ከጠየቃችሁ «አይ፣ እንዲህ ማለቴ ነው» ብላችሁ አዲስ መልእክት አትጨምሩ። ብዙ መሣሪያዎች የላካችሁትን መልእክት እንድታስተካክሉት ይፈቅዳሉ። ስታስተካክሉት የተሳሳተው ጥያቄና የማይረባው መልስ ከቻቱ ይወጣሉ። የዛሬው ዙር ያው ሙሉ ዙር ነው፣ ግን ከዚህ በኋላ ባሉት ዙሮች ሁሉ ያንን ቆሻሻ ይዛችሁ አትዞሩም።

ስለ አማርኛ ቃል ገብቻለሁ። አንዲት እህት «እኔ በአማርኛ ስጽፍ ነው ቶሎ የሚያልቅብኝ፣ ያው ነገር በእንግሊዝኛ ግን አያልቅም፣ እየተሳሳትኩ ነው?» አለችኝ። አልተሳሳትሽም። ነገሩ የሚመጣው ጽሑፉ ወደ ቶክን ከሚቆረጥበት መንገድ ነው። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በባይት ነው። ዛሬ በአብዛኛው ቦታ በሚሠራበት ዩቲኤፍ 8 የተባለ አቀማመጥ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ይይዛል። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት። ፓይተን የምታውቁ ሞክሩት፦

```
len("ሰላም".encode("utf-8"))
```

ሦስት ፊደል ነው፣ መልሱ 9 ይላችኋል። በስፋት ከሚሠራባቸው የመቁረጫ መንገዶች አንዱ ከባይት ይነሳና አብረው ደጋግመው የሚመጡትን እያጣመረ ትልልቅ ቁራጭ ይሠራል። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚጣመር የሚወሰነው በሥልጠናው ጽሑፍ ውስጥ ስንት ጊዜ አብረው እንደታዩ ነው። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እጅግ ብዙ ስለነበረ የተለመዱ ቃላቱ አንድ አንድ ቶክን ሆነው ቀሩ። የአማርኛ ጽሑፍ ጥቂት ስለነበረ ጥምረቱ ገና መንገድ ላይ ቆመ። «አልመጣችሁም» የሚለውን ውሰዱ። ለእኛ አንድ ቃል ነው። ሰባት ፊደል፣ 21 ባይት። ምንም ካልተጣመረ 21 ቶክን ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝኛ ያው ሐሳብ አራት አጫጭር ቃል ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቶክን። አዳዲሶቹ ሞዴሎች የቁራጭ መዝገባቸው ስለሰፋ ልዩነቱን አጥብበውታል፣ ግን ከሞዴል ሞዴል ይለያያል።

ይህ ከቀደመው ሒሳብ ጋር ሲገናኝ ነው የሚከብደው። ያ 8,000 ቶክን የሆነው ሪፖርት በአማርኛ ቢሆንና መቁረጫው ሦስት እጥፍ ቢያበዛው 24,000 ይሆናል። ሃያ ጊዜ ሲነበብ ሪፖርቱ ብቻ 480,000። የሚሊዮኑ ግማሽ ማለት ይቻላል፣ ገና ጥያቄና መልሱ ሳይታሰብ። ስለዚህ በአማርኛ የምትሠሩ ሰዎች ሰነድ ቻት ውስጥ አስገብቶ ብዙ ዙር መሄድ ከማንም በላይ እናንተን ይጎዳል። አማርኛውን ተዉት አልልም፣ ሥራችሁ በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ ነው የሚሠራው። ሰነዱን ግን ቁረጡት።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «የእኔ መሣሪያ በየትኛው መንገድ እንደሚቆጥር በምን አውቃለሁ?» የሚል ነበር። ይህን በመገመት አትድከሙ፣ አሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ትለኩታላችሁ። የአጠቃቀም ገጹን ክፈቱና ያለውን ቁጥር ጻፉት። ባዶ ቻት ክፈቱና «እሺ ብቻ በል» ብላችሁ ላኩ። ትንሽ ጠብቁ፣ አንዳንድ ቆጣሪ ዘግይቶ ነው የሚያሳየው። ከዚያ ልዩነቱን እዩ። የጻፋችሁት ጥቂት ቶክን ሆኖ ቆጣሪው በ400 ወይም በ900 ከዘለለ፣ ያ ትርፍ በአብዛኛው ከጀርባ የሚሄደው መመሪያ ነው፣ በየዙሩ የምትከፍሉት። የማሰቢያ ደረጃ ካለው መጀመሪያ አጥፉት፣ ያለበለዚያ እሱ ይደባለቅባችኋል።

ከዚያ እዚያው ቻት ውስጥ ረዘም ያለ ጽሑፍ፣ 1,000 ቃል የሚሆን፣ አስገቡና አሁንም «እሺ ብቻ በል» በሉ። ቁጥሩን ጻፉ። ቀጥሎ ምንም ሳትጨምሩ እንደገና «እሺ ብቻ በል» ብላችሁ ላኩ። ይህ ሦስተኛው መልእክት ነው ሁሉን የሚነግራችሁ። ቆጣሪው ረጅሙን ጽሑፍ ስትልኩ የዘለለውን ያህል አሁንም ከዘለለ፣ ያለፈውን በሙሉ ይቆጥራል። በጥቂቱ ብቻ ከተንቀሳቀሰ፣ ወይ የሚቆጥረው አዲሱን ብቻ ነው፣ ወይ ለተደጋገመው ቅናሽ ይሰጣችኋል። የሚወጣውን አክብዶ ይቆጥር እንደሆነ ለማየት ደግሞ በአዲስ ቻት በአጭር ጥያቄ ረጅም መልስ አስወጡና፣ ያንኑ መልስ ገልብጣችሁ በሌላ ባዶ ቻት «እሺ ብቻ በል» በማለት አስገቡት። አንዱ ጽሑፍ ሲወጣና ሲገባ የወሰደውን ታወዳድራላችሁ።

ኮታው መቼ እንደሚታደስም ከዚያው ገጽ እዩ። ብዙ ጊዜ የሚታደሰው ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ፕላኑን በገዛችሁበት ቀን ነው። ያልተጠቀማችሁበት ወደ ቀጣዩ ወር ያልፍ እንደሆነም አንብቡ፣ የማያልፍባቸው ፕላኖች አሉ። በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ ማብራሪያው ላይ በግልጽ ይጻፋል።

ባልደረባዬ ቀጥሎ ምን አደረገች? መጀመሪያ ያሰበችው ሃያውን ጥያቄ በአንድ መልእክት መላክ ነበር። ሒሳቡ ያምራል፦ 500 መመሪያ፣ 8,000 ሪፖርት፣ 2,000 ጥያቄ፣ 8,000 መልስ። 18,500። የመጀመሪያ ግምቷ ትክክል የሚሆነው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ሞከረችው። መልሶቹ ግን ሳሱ። ከአሥረኛው ጥያቄ በኋላ ያሉት አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኑ፣ ሁለቱ ጭራሽ ተዘለሉ። በዚያ ላይ የእሷ ሥራ የመጀመሪያውን መልስ አይቶ ሁለተኛውን መጠየቅ ነው። በአንዴ የሚጠየቅ አይደለም።

ስለዚህ ሪፖርቱን ቆረጠችው። ጥያቄዎቿን በአራት ርዕስ ለየች፣ ለእያንዳንዱ ርዕስ የሚያስፈልገውን ገጽ ብቻ፣ 1,500 ቶክን የሚሆን፣ በአዲስ ቻት አስገባች። በአንዱ ቻት አምስት ጥያቄ ጠየቀች። የመጀመሪያው ዙር 2,500 ነው፣ አምስተኛው 4,500። አንዱ ቻት 17,500፣ አራቱ 70,000 ወሰዱ። ያው ሃያ ጥያቄ፣ ያው የመልስ ርዝመት። 275,000 የነበረው ነው።

የሚጎድል ነገር አለ፣ አልደብቃችሁም። ገጽ 2 ላይ ያለው ከገጽ 11 ጋር ይጋጫል ወይ ብላ ብትጠይቅ የተቆረጠው ቻት አያውቅም። መጥፎው ነገር ደግሞ «አላውቅም» ሳይል በያዘው ገጽ ብቻ ተማምኖ ሊመልስላት ይችላል። እንዲህ ያሉ ሙሉውን ሪፖርት የሚፈልጉ ሦስት ጥያቄዎች ነበሯት። እነሱን ለብቻ ሰብስባ፣ ሙሉውን ሪፖርት በአዲስ ቻት አስገብታ፣ ሦስቱንም በአንድ መልእክት ጠየቀች። 500፣ 8,000፣ 300 ጥያቄ፣ 1,200 መልስ፣ በድምሩ 10,000። ቻቱን እዚያው ዘጋችው። ለአንድ ሪፖርት 80,000 ማለት ነው፣ ለ23 ጥያቄ። አራቱም ሪፖርት በ320,000 አለቀ። በሚቀጥለው ወር 11ኛው ቀን ላይ የአጠቃቀም ገጹን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፣ 680,000 ቀርቷታል።